የጎረቤታችን ዒድ በአምስት ደቂቃ፦ ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ማኅበር በግቢያችን የሚከበሩትን በዓላት የሚያስረዱ አጫጭር ቪዲዮዎች እንዲዘጋጁ ወስኗል። የመጀመሪያው የዒድ አል አድሃ፣ በተለምዶ አረፋ የምንለው በዓል ሲሆን፣ ሥራው ለእኔ ተሰጥቶኛል። ከዒዱ የተጀመረበት ምክንያት አለው። ባለፈው ዓመት በጋራ ማረጃ ቤቱ የተራ አያያዝ ላይ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች «እርዱን ለምን በዋዜማው አትጨርሱትም? ጠዋት ሁላችሁም አንድ ላይ ስለምትመጡ እኮ ነው የሚጨናነቀው» ብለው ሲጠይቁ፣ ሙስሊሞቹ ጥያቄውን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ጠያቂዎቹ አልናቁም፤ ከዒድ ሰላት በፊት የታረደ በግ እንደ ማንኛውም ሥጋ እንጂ እንደ ዒድ እርድ እንደማይቆጠር አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት ከበላያችን ባለው ወለል ወደሚኖሩት ሐጂ ነው። የተስማማነው በሦስት ነገር ነው፦ ጽሑፉን ከቀረጻ በፊት ያነባሉ፣ የተቀረጸውን ከመታየቱ በፊት ያያሉ፣ ከቤታቸው የተነሣ ማንኛውንም ምስል «ይውጣ» ካሉ ምክንያት ሳልጠይቅ አወጣለሁ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያውን ትረካ ጻፍኩ። ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 95 ቃል ገደማ ስለምሄድ፣ ለአራት ደቂቃ 380 ቃል አዘጋጀሁ። ጽሑፉን ወደድኩት፤ ይፈስሳል። ኢብራሂም አንድ ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ልጁ እንጨቱን ተሸክሞ «እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉ ግን ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በመጨረሻም በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ ሲገለጥ አንባቢው ትንፋሹን የሚይዝ መስሎኛል።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሐጂ ጽሑፉን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም በትሕትና፣ «ልጄ፣ ይህ ቆንጆ ታሪክ ነው፤ የእኛ ግን አይደለም» አሉኝ።

ምን እንደሠራሁ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 22 ጽፌ፣ ስሞቹን ብቻ ነበር የቀየርኩት። እንጨቱ፣ የልጁ ጥያቄ፣ ዕፀ ሳቤቅ፣ ሁሉም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ሥዕል ነው። በቁርኣን በ37ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ አስ-ሷፋት፣ ታሪኩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አባት በሕልሙ ያየውን ለልጁ ይነግረዋል፤ ምን እንደሚያስብም ይጠይቀዋል። ልጁም የታዘዝከውን ፈጽም፣ አላህ ቢሻ ከታጋሾቹ ሆኜ ታገኘኛለህ ብሎ ይመልሳል። በእኔ ጽሑፍ ልጁ ምንም ሳያውቅ የሚሄድ ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ግን አውቆና ፈቅዶ የሚሄድ ነው፤ የበዓሉም ግማሽ ትርጉም ያለው እዚያው ፈቃድ ላይ ነው። ሐጂ እንዳሉት፣ በዓሉ የአንድ ሰው ሳይሆን የአባትና የልጅ መታዘዝ መታሰቢያ ነው።

የልጁ ስም ሌላው ጉዳይ ነበር። ክርስቲያኑ ተመልካች ይስሐቅን እንደሚጠብቅ እርግጠኛ ነኝ። ቁርኣኑ በዚያ ቦታ ላይ የልጁን ስም አይጠራም፤ በሙስሊሞች ዘንድ የጸናው አስተምህሮ ግን ኢስማኢል ነው። «በመጽሐፍ ቅዱስ ይስሐቅ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ላስገባ አስቤ ተውኩት፤ ያንን ባስገባ ቪዲዮው ስለ ዒድ መናገሩን ትቶ ስለ ልዩነታችን መናገር ይጀምራል፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስሙን ሲሰማ በራሱ ያውቀዋል።

ሐጂ ሌላም ነገር አሳዩኝ። በጽሑፌ «በእነርሱ እምነት መሠረት»፣ «ተብሎ ይታመናል»፣ «ይላሉ» የሚሉ ቃላት ዘጠኝ ቦታ ላይ ነበሩ። እኔ ያስገባኋቸው ለጥንቃቄ ነበር። እርሳቸው ግን «አንድ ሰው ስለ እኔ ሲናገር በየዐረፍተ ነገሩ ‹ይላሉ› ካለ፣ ውሸት ነው ማለቱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በአማርኛችን «ይላል» የሚለው ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ጥርጣሬ ይሆናል። ቃላቱን አውጥቼ ልጻፍ ካልኩ ደግሞ የማላምንበትን እንደማምን አድርጌ ልናገር ነው። መውጫውን ያገኙት እርሳቸው ናቸው፦ «የምታየውን አንተ ተናገር፤ የምናምነውን እኔ ልናገር።»

ከዚህ በኋላ ሥራው የተመራው በዚህ ነው። የእኔ ድምፅ ካሜራው የሚያየውንና የቀኑን ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል፤ «አላህ አዘዘ»፣ «ነቢዩ አዩ» የሚሉት በሙሉ በሐጂ አንደበት ይሆናሉ። ከ380 ቃላት 210ሩን ሰረዝኩ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

የሰፈራችን መስጊድ ኡስታዝ ዐስር ከሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰላት ቀጥሎ አንድ ሰዓት ያህል ሰጡኝ። የሄድኩት ሐጂ ራሳቸው «እኔ የምነግርህ የቤቴን ልማድ ነው፤ ዲኑን ከሚያውቅ ጋር አመሳክር» ስላሉኝ ነው። ይህ ምክራቸው ከብዙ ስሕተት አድኖኛል፤ አንድ ቤተሰብ የሚያደርገውን የሁሉም ሙስሊም ሕግ አድርጎ ማቅረብ በጣም ቀላል ነውና።

ለምሳሌ «ሥጋው በሦስት እኩል ቦታ መከፈል አለበት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለችግረኛ። ኡስታዙ አከፋፈሉ የተወደደ እንጂ በሚዛን የሚለካ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለው አብዝቶ ሊያስቀር፣ ሌላው ሁሉንም ሊሰጥ እንደሚችል አስረዱኝ። «እያንዳንዱ ሙስሊም የማረድ ግዴታ አለበት» የሚለውም ወጣ። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ አስተምህሮ፣ ጠንካራ ሱና፣ ግዴታ ያልሆነ የነቢዩ ፈለግ፣ ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ አቅም ባለው ላይ ግዴታ ነው፤ በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች አሉ። ለአራት ደቂቃ ቪዲዮ የሁለቱን ልዩነት መተንተን ስለማይቻል፣ ሁለቱንም የማይቃረን አንድ ቃል መረጥን፦ «አቅም ያለው ያርዳል።» ይህ አጠረ እንጂ አልተዛባም።

ስለ ስሙም ተነጋገርን። አረፋ የሚባለው ቀን የዙልሒጃ ወር 9ኛው ቀን ነው፤ ሐጅ ላይ ያሉት በአረፋ ሜዳ የሚቆሙበት፣ ሐጅ ያልሄደው ደግሞ የሚጾምበት ቀን ነው። ዒዱ 10ኛው ቀን ነው። እኛ ግን ዒዱን በዋዜማው ስም እንጠራዋለን፤ ሙስሊሞቹም በየቤታቸው እንዲሁ ይጠሩታል። ኡስታዙ ሕዝብ የለመደውን ስም ስሕተት ነው ብለን እንዳንሰብክ፣ ነገር ግን ጾሙንና በዓሉን እንዳናደባልቅ መከሩ። ርእሱ «ዒድ አል አድሃ፣ አረፋ ብለን የምንጠራው በዓል» ሆነ፤ የዋዜማው ጾምም አንድ ዐረፍተ ነገር አገኘ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ ማታ

ጨረቃ ታየች። ነገ ዙልሒጃ 1 ቀን 1446 ዓመተ ሒጅራ ይሆናል፤ ዒዱም ዓርብ ግንቦት 29 ላይ ይውላል። ዓርብ መሆኑ ለክርስቲያን ተመልካቾች አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ነገር ግን ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆንን የዓርብ ጾም የለም።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

የሐጂን ቃል ቀረጽኩ። በስልክ ነው የምቀርጸው፤ ለድምፅ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ተጠቀምኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና፣ ለካሜራው እንዲያምሩ ብዬ ጢማቸውን ትንሽ ከርከም ቢያደርጉት አሳሰብኳቸው። ኡዱሂያ፣ ማለትም የዒዱን እርድ፣ ለማረድ ያሰበ ሰው ወሩ ከገባ ጀምሮ እስኪያርድ ድረስ ፀጉሩንም ጥፍሩንም እንደማይቆርጥ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጢማቸው እንዳለ ተቀረጸ።

በጽሑፍ የተዘጋጀ ነገር እንዲያነቡ አላደረግኩም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው፦ በዓሉ የምን መታሰቢያ ነው? ለምን ታርዳላችሁ? ሲታረድ በልብዎ ውስጥ ምን አለ? ለሦስተኛው የሰጡት መልስ ከሁሉ በለጠ። በቁርኣን ሥጋውም ደሙም አላህ ዘንድ እንደማይደርስ፣ ወደ እርሱ የሚደርሰው ተቅዋ፣ ማለትም አላህን መፍራት፣ እንደሆነ ተናገሩ፤ ቀጥለውም «በጉን አርጄ ልቤ ካልታዘዘ፣ ሥጋ ነው የበላሁት» አሉ። ይህ 22 ሰከንድ ነው፤ አንድም ነገር አልቆረጥኩበትም።

ስለ ነቢያት ሲናገሩ ያስተዋልኩትን እዚህ ልመዝግብ። ሐጂ «ነቢዩ ኢብራሂም አዩ፣ ተነሡ፣ ነገሩት» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በለመድኩት የቤተ ክርስቲያን አማርኛ «አብርሃም አየ፣ ተነሣ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። በእኛ ዘንድ «አየ» ማለት ማቃለል አይደለም፤ ሙስሊሙ ጆሮ ግን ለነቢይ የአክብሮት ግስ ሲጎድል ወዲያው ይሰማዋል። በትረካዬና በምስል ግርጌ በሚታየው ጽሑፍ የቀሩትን ሁሉ በአንቱታ ቀየርኳቸው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

በግ ተራ ሄድን። «ጥሩ በግ ይመርጣሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገሬን ሐጂ በእጃቸው ተረጎሙት። በጉን ጥቂት እርምጃ አስኬዱት፤ አለማነከሱን ዐዩ። ዐይኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን አረጋገጡ፤ ጀርባውን በእጃቸው ዳስሰው መክሳት አለመክሳቱን ለኩ። ዐይኑ የጠፋ፣ የታመመ፣ ያነከሰ ወይም በጣም የከሳ እንስሳ ለኡዱሂያ አይሆንም። ትረካውን ሙሉ በሙሉ ሰርዤ እጃቸው ብቻ እንዲታይ አደረግኩ፤ 14 ሰከንድ ነው።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ የዒድ ቀን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ደጃቸው ላይ ነበርኩ። ሐጂ አልበሉም፤ በዚህ ዒድ ከሰላት በፊት አለመብላት የተወደደ ነው፤ በረመዳኑ ዒድ ደግሞ ጥቂት ቀምሶ መውጣት ነው የሚወደደው። ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወርዱ ከደረጃው ጀምሮ «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ይሰማ ነበር። ይህንን ድምፅ በጥንቃቄ ወሰድኩት፤ በቪዲዮው ላይ ብቻውን እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ሰላቱ ላይ ከሰጋጆች ኋላና ከጎን ብቻ ቆምኩ። ከፊት ሆኖ ፊታቸውን መቅረጽ ለምስሉ የተሻለ ነበር፤ ነገር ግን በሚሰግድ ሰው ፊት ማለፍ የተከለከለ ነው። ከሁለቱ ረከዓ በኋላ ኹጥባ፣ ማለትም ስብከት፣ ተደረገ፤ ኹጥባውን አልቀረጽኩም።

ከዚያ አንድ ምስል አመለጠኝ። ቤተሰቡ ሲመለስ ከሕንፃዎቻችን ጀርባ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ አስቀድሜ ቦታ መርጬ፣ ስልኬን በመቆሚያው ላይ አጥብቄ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ማንም አልመጣም። ቤት ስደርስ ሐጂ ቢላዋቸውን እየሞረዱ አገኘኋቸው። በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መንገድ መመለስ ሱና ነው፤ እኔ የቆምኩት በሄዱበት መንገድ ላይ ነበር። «አንድ ጊዜ እንደገና በዚህ ብታልፉልኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሐጂም እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሆኖም በሄዱበት መንገድ የተመለሱ ያስመስልባቸው ነበርና ምስሉ ሳይኖር ቀረ፤ በትረካው ውስጥ «በሌላ መንገድ ይመለሳሉ» የሚል ሐረግ ገባ።

እርዱ ለብዙ ቀን ያስጨነቀኝ ክፍል ነው። ልጆች ስለሚያዩት ሙሉ በሙሉ እናውጣው ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ዒዱን ያለ እርድ ማሳየት መሐሉን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ከዚያም በላይ የተደበቀ ነገር ያለ ያስመስላል። ደሙን ማሳየት ደግሞ ተመልካቹ ከሁሉ ነገር ደሙን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ያደርጋል። ሐጂ ቢላዋውን የሚሞርዱት ከበጉ ርቀው፣ በጉ እንዳያየው ነው፤ አንዱ እንስሳ በሌላው ፊት አይታረድም። ካሜራዬን በጉ ላይ ሳይሆን በሐጂ ፊት ላይ አደረግኩ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲሉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚታየው ተሰቅሎ የሚገፈፈው በግ ነው።

ሌጦውን ለመሸጥ «ሌጦ አለው!» እያለ ወደሚዞረው ነጋዴ ሲወስዱት ለመቅረጽ አስቤ ነበር፤ በእኛ ቤት በዓል ያለ እርሱ ጥሪ ስለማይታሰብ። የሐጂ ባለቤት ግን ሌጦውን አጥፈው ለመስጊዱ አስቀመጡት። የኡዱሂያ ሌጦ በምጽዋት ይሰጣል፤ አይሸጥም፤ ለአራጁም የድካም ዋጋ ተደርጎ አይከፈልም። ነጋዴውን ቀርጬ ብጨምረው ኖሮ ለእኛ በጣም የተለመደ፣ ለእነርሱ ግን ስሕተት የሆነ ምስል ይሆን ነበር።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ያልተስማማንበት ነገር ይህ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ ሥጋው ለሙስሊም ጎረቤቶችና ለችግረኞች ተከፋፈለ። ወደ እኛ ቤትና ወደ ሌሎች ክርስቲያኖች የመጣው ግን ቴምር፣ የምስር ሳንቡሳና ዳቦ ነበር፤ ቡናውንም አብረን ጠጣን። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፦ በአገራችን ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ይህ ትውልድ የተሻገረ ልማድ ነው። ከፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን መካከል የሚበሉም የማይበሉም አሉ።

ሊቀ መንበሩ «የጎረቤት ድርሻ» ሲባል ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን የምንታይበት ምስል እንዲኖር፣ ሥጋ የመለየቱ ነገር ደግሞ እንዳይነሣ ፈለጉ። ሐሳባቸው ለሰላም ነው። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። እንዲህ ያለ ምስል ብናሳይ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ልጅ ወደ ሐጂ ቤት ሄዶ ሥጋ ይጠይቅና እናቱ ስትቆጣው ይደነግጣል፤ ወይም አንድ አዲስ ሙስሊም ጎረቤት ሥጋ ልኮ ሳይበላ ሲመለስበት ይቀየማል። ኡስታዙ በዲኑ በኩል ከኡዱሂያው ለሙስሊም ላልሆነ ጎረቤት መስጠት እንደሚቻል ነግረውኛል፤ ስለዚህ «ሥጋው ለሙስሊም ብቻ ነው» ማለትም ሐሰት ይሆናል። በትረካው የጻፍኩት ይህ ነው፦ «በግቢያችን ብዙዎች እንደየእምነታችን የየራሳችንን እርድ ስለምንበላ፣ ለእነዚህ ጎረቤቶች የሐጂ ቤተሰብ ሌላ ማዕድ ያቀርባል።» የሐጂ ባለቤት ይህን ሲሰሙ «እንዲህ ካልተባለማ ሥጋ የነፈግናችሁ ይመስላል» አሉ። ዐረፍተ ነገሩ ቆየ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አቀናበርኩት። ከቴምሩና ከቡናው ምስል ሥር የቁርኣን ንባብ በዝቅተኛ ድምፅ አስገብቼ ነበር፤ በጣም ተስማምቶት ነበር። የሐጂ ልጅ ሰምታ አስቆመችኝ። ቁርኣን ሲነበብ ማዳመጥና ዝም ማለት የታዘዘ ነው፤ በላዩ ላይ ትረካ ማውራት፣ ምስሉ ሲያልቅም አንቀጹን መሐል ላይ መቁረጥ ለሙስሊም ሰሚ ይከብዳል። በሙዚቃ መሣሪያ መተካትንም አልፈለግንም። አሁን በዚያ ቦታ የሚሰማው የሲኒው ድምፅና የልጆቹ ጫጫታ ነው። የጠዋቱ ተክቢራ ግን ያለ ምንም ትረካ፣ ሳይቆረጥ፣ ለ18 ሰከንድ ብቻውን ይሰማል።

እርሷው ሌላ ከባድ ስሕተት አገኘች። አጀማመሩ እንዲስብ ብዬ ቢላዋ የሚሞረድበትን ምስል ከሰላቱ በፊት አምጥቼው ነበር። ቪዲዮውን የሚያይ ሰው እርዱ ከሰላት በፊት የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ባለፈው ዓመት ያጣላን ነገር ደግሞ ይኸው ነው። በትረካዬ አንድም የተሳሳተ ቃል ሳይኖር፣ ምስሎቹን በማፈራረቅ ብቻ የበዓሉን ሕግ ገልብጬው ነበር። ቅደም ተከተሉን እንደ ቀኑ አስተካከልኩ፤ በሰላቱና በእርዱ መካከልም «እርዱ የሚጀመረው ከዒድ ሰላት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የታረደ የዒድ እርድ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ለአምስት ሰከንድ ይታያል።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ረቂቁን ለስድስት ክርስቲያን ጎረቤቶች ለየብቻ አሳየሁ። «ወደዳችሁት?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ ያን ጥያቄ ሁሉም በጨዋነት «አዎ» ነው የሚመልሰው። ይልቁንስ «ይህን ቪዲዮ ላላየ ሰው በዓሉ ምን እንደሆነ ንገረው» አልኳቸውና መልሳቸውን መዘገብኩ። አምስቱ ዋናውን ነገር በትክክል ተናገሩ። የ12 ዓመት ልጅ ግን «በጉ ኃጢአታቸውን ይወስድላቸዋል» አለኝ።

እንዲህ የሚል ቃል በቪዲዮው ውስጥ የለም። ከየት እንዳመጣው ስፈልግ፣ በትረካዬ ሁለት ቦታ ላይ «መሥዋዕት» የሚል ቃል አገኘሁ። ለእኛ ጆሮ መሥዋዕት ሲባል በግ፣ ደምና የኃጢአት ስርየት አብረው ይመጣሉ፤ ልጁ የጎደለውን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሞላው። የሐጂ እርድ ግን መታዘዝ፣ መታሰቢያና ምስጋና ነው፤ በጉ የማንንም ኃጢአት አይሸከምም። «ቁርባን» ብዬ ልተካው አስቤ ነበር፤ ሙስሊሞች ራሳቸው በዐረብኛ የሚጠቀሙበት ቃል ነው፤ ነገር ግን በክርስቲያን ጆሮ ቁርባን ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ ነው፤ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሳይተረጎም «ኡዱሂያ» ብለን ተውነው፤ መጀመሪያ ሲጠራ «በዒድ የሚታረደው» የሚል ማብራሪያ ብቻ ተከተለው። ስለ ኃጢአት ግን እኔ ማስተካከያ አልተናገርኩም፤ ይህ የእምነት ነገር ነውና ሐጂን አንድ ጥያቄ ጨምሬ ጠየቅኳቸው። «በጉ ለእኔ አይሞትልኝም፤ ኃጢአቴን አላህ ይቅር እንዲለኝ ራሴ ነኝ የምለምነው» አሉ። ይህ ከደምና ከተቅዋው ቃላቸው ቀጥሎ ገባ። ኡስታዙም አንድ ጊዜ አዳመጡትና ተስማሙበት።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ልጁን እንደገና ጠራሁት፤ ሁለት አዳዲስ ተመልካቾችም ጨመርኩ። ልጁ «ኢብራሂምና ልጃቸው እሺ ስላሉ እነርሱም እሺ ለማለት ያርዳሉ» አለ። ከሁለቱ አንዷ «ታዲያ ከሰላት በፊት ቢያርዱ አይቆጠርላቸውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የአምስት ሰከንዱ ጽሑፍ ተነቧል ማለት ነው።

የመጨረሻው ርዝመት አራት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፦ የእኔ ድምፅ አንድ ደቂቃ ከ50፣ የሐጂ ቃል ሁለት ደቂቃ፣ የቀረው 50 ሰከንድ ትረካ የሌለበት የቀኑ ድምፅ። ሐጂና ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው አይተው አንድ ነገር ብቻ አስወጡ፤ የትንሿ የልጅ ልጃቸው ፊት በቅርብ የሚታይበትን ምስል። እንደ ስምምነታችን ምክንያት አልጠየቅኩም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታየ፤ ከዚያም በግቢው ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ለማረጃ ቤቱ የሚቀጥለው ዓመት ተራ ሲወጣ የዒዱ ቀን ጠዋት ከሰላት መልስ እስከ ማታ ለሙስሊም ቤተሰቦች እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረበችው ባለፈው ዓመት «ለምን በዋዜማው አትጨርሱትም?» ብላ የጠየቀችው ጎረቤታችን ናት። ኡስታዙ እርዱ በቀጣዮቹ ቀናትም እንደሚቻል ስላስረዱ፣ ሁለት ቤተሰቦች ወደ ማግስቱ ለማዛወር ፈቃደኛ ሆኑ።

የቀረው የኦሮምኛው የግርጌ ጽሑፍ ነው። ትርጉሙን የሠራችው ጎረቤታችን ለኡዱሂያ ሌላ ቃል ተጠቅማ ነበር፤ ቃሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ለሆኑት ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ምን እንደሚያሰማ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው እስኪያይልን ድረስ ጽሑፉን አላወጣሁትም።